መርፌው ስላተኮሰኝ ትቼ ክኒን ወሰድኩ፤ ልጄን ጎድቼው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በእርግዝና ክትትል ደም ሰጥቼ ከኤች አይ ቪ ነጻ ነሽ፣ ቂጥኝ ግን አለብሽ ተባልኩ። በሳምንት አንድ፣ በድምሩ ሦስት መርፌ ታዘዘልኝ። የመጀመሪያውን የተወጋሁ ዕለት ማታ በጣም አተኮሰኝ፤ ተንቀጠቀጥኩ። አልተስማማኝም ብዬ ተውኩትና ከፋርማሲ አዚትሮማይሲን ገዝቼ ጨረስኩ። ከመርፌው 16 ቀን አልፎኛል። ምንም የሚያመኝ ነገር የለም። የ4 ዓመት ልጄም ጤነኛ ነው። ባለቤቴ እኔ ምንም የለብኝም ይላል። ልጄ ተጎድቶ ይሆን? መርፌውን ፈራሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ አልረፈደም። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። 6 ወር ካልሽ 26ኛው ሳምንት አካባቢ ነሽ። ሦስቱን መርፌዎች አሁን እንደ አዲስ ብትጀምሪ በ28ኛው ሳምንት ትጨርሻለሽ። ከዚያ በኋላ እስከ መውለጃሽ ወደ 12 ሳምንት ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ሕክምናው ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ እንዲጀመር ነው። ስለዚህ በቂ ጊዜ አለሽ። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ እንድታሳልፊ አልፈልግም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ የክትትል ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ።

የቂጥኝ ተህዋስ በእናት ደም ውስጥ እየዞረ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። ምጥ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ከእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ጀምሮ ማለፍ ይችላል። ዝም ከተባለ ውርጃን፣ ሞቶ መወለድን፣ ያለጊዜ መወለድን ያስከትላል። በሕይወት የሚወለደውም በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል። ደግነቱ ፔኒሲሊንም በዚያው መንገድ ያልፋል። አንቺ የምትወጊው መድኃኒት እንግዴ ልጁን ተሻግሮ ፅንሱ ውስጥ ያለውን ተህዋስ ይገድላል። ልጅሽ ተይዞ ቢሆን እንኳ እዚያው ማህፀንሽ ውስጥ እያለ ይታከማል ማለት ነው። ቂጥኝ እጅና እግር እንዳይፈጠር የሚያደርግ በሽታ አይደለም። የሚያጠቃው ጉበትን፣ አጥንትን፣ ደምንና እንግዴ ልጁን ራሱን ነው። ስለዚህ አልትራሳውንድ ተነሺ። የፅንሱ ጉበት ማበጡ፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ መቋጠሩ ወይም እንግዴ ልጁ መወፈሩ ይታይበታል። እነዚህ ከሌሉ ጥሩ ምልክት ነው። ቢኖሩም ሕክምናው ያው ፔኒሲሊን ነው፤ ክትትሉ ብቻ ጠበቅ ይላል።

አሁን ወደዚያች ምሽት። ያተኮሰሽ መድኃኒቱ ሥራውን ስለጀመረ ነው። ተህዋሱ በብዛት ሲሞት ከውስጡ የሚወጣው ነገር ሰውነትን ያስቆጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይተዋል። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ይበቃዋል። በተለይ የመጀመሪያው መርፌ ላይ የሚታይ ነገር ነው። አለርጂ ሌላ ነው። ያ ብዙውን ጊዜ በተወጋሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ ሰውነት ሽፍ ይላል፣ ከንፈርና ፊት ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አንቺ ከእነዚህ አንዱንም አልጻፍሽልኝም። ለሚወጋሽ ባለሙያ ግን ያጋጠመሽን ሳትደብቂ ንገሪው። ከመርፌው በኋላ ሆድሽ እየመላለሰ ከጠነከረ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ። ትኩሳቱ ምጥ ሊያነሳሳ ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ።

ስለ ክኒኑ ግን ልቆጣሽ ነው፤ አትቀየሚኝ። “ያው አንቲባዮቲክ አይደል?” የሚለው አባባል ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። አዚትሮማይሲን እንግዴ ልጁን በደንብ አያልፍም። አንቺ ሰውነት ውስጥ ቢሠራ እንኳ ልጁ ጋ የሚደርሰው በቂ አይደለም። እናት ዳንኩ ብላ ልጁ ሳይታከም ይወለዳል። ኤሪትሮማይሲንም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ብዙ ቦታ ተህዋሱ አዚትሮማይሲንን ስለለመደው እናትየዋም ራሷ ላትድን ትችላለች። ዶክሲሳይክሊን ቢሰጡሽ ደግሞ የልጁን ጥርስና አጥንት ይነካል፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። “ሁለት ካርቶን ብወስድስ?” የሚሉኝ አሉ። ብትጨምሪውም የማያልፈው አያልፍም። ለነፍሰ ጡር ልጇንም ጭምር እንደሚያድን የተረጋገጠው መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ለዚህም ነው በእውነት የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባትን እናት እንኳ ወደ ሌላ መድኃኒት የማናዞራት። ሆስፒታል አስተኝተን፣ ከትንሽ መጠን እያሳደግን፣ ሰውነቷ እስኪለምደው ጠብቀን ያንኑ ፔኒሲሊን እንሰጣታለን። ይህን ሁሉ የምንደክመው ክኒኑ ቢበቃ ኖሮ ነው እንዴ?

መርፌው ለምን ሦስት እንደሆነም ልንገርሽ፤ ምክንያቱን የምታውቅ ሴት ስለማታቋርጥ ነው። የቂጥኝ ተህዋስ በጣም በዝግታ ነው የሚራባው። ፔኒሲሊን የሚገድለው ሲራባ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሳይቋረጥ ለሳምንታት መቆየት አለበት። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቀቃል። አንዱ መርፌ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ነው። በሽታው ከያዘሽ ገና አንድ ዓመት እንዳልሞላው ቢታወቅ አንድ ሊበቃ ይችል ነበር። መቼ እንደያዘሽ ስለማይታወቅ ሦስት ታዘዘልሽ። በመካከላቸው 7 ቀን ነው የሚሆነው፤ ለነፍሰ ጡር ከ9 ቀን ካለፈ ከአንድ ብለን እንጀምራለን። አንቺ 16 ቀን ሆኖሻል። ስለዚህ “ሁለተኛውን ልወጋ መጣሁ” ሳይሆን “አቋርጬ ነበር፣ ክኒንም ወስጃለሁ” በያቸው። ያፍሩብኛል ብለሽ ከደበቅሽ የተሳሳተ ቁጥር ይመዘገባል፤ ልጁ ሲወለድም ሐኪሙ በዚያ ቁጥር ነው የሚወስነው።

ምንም አለማመምሽ ማስረጃ አይሆንም። የመጀመሪያው ቁስል አያምም፤ ሴት ላይ ደግሞ ውስጥ ስለሚወጣ ሳይታይ ይድናል። ከዚያ በሽታው ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜም ለፅንስ ሊተላለፍ ይችላል። የ4 ዓመት ልጅሽን ስታረግዢ የቂጥኝ ምርመራ ተደርጎልሽ ከነበረ ያንን ካርድ ፈልጊው። ያኔ ነጻ ከነበርሽ በሽታው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ካርዱ ከሌለ ወይም ካልተመረመርሽ ግን ልጁም ቢያምርና ቢጫወት ደሙ ይታይ።

ባለቤትሽ ይመርመር፤ ይታከምም። እሱ ካልታከመ የአንቺ ሦስት መርፌ መና ይቀራል። ሁለታችሁም እስክትጨርሱ ግንኙነት ይቆይ። ማን ከማን አመጣ የሚለውን ግን የደም ውጤቱ አይመልስልሽም። ከትዳራችሁ በፊት የነበረም ሊሆን ይችላል። ያንን ውጤት ይዘሽ ቤትሽ ውስጥ ዳኛ አትሁኚ። አሁን ከእሱ የሚፈለገው ክንዱን ለምርመራ መስጠቱ ነው።

ከኤች አይ ቪ ነጻ መባልሽ ደስ ይላል፤ ግን አንዴ የተመረመርሽው እስከ ወሊድ አያደርስሽም። ቂጥኝ በመጣበት መንገድ ኤች አይ ቪም ይመጣል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ድገሚው። ኤች አይ ቪ ከቂጥኝ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው ወደ መጨረሻው፣ በምጥና በጡት ማጥባት ወቅት መሆኑ ነው። በእርግዝና መሀል አዲስ የተያዘች እናት ደሟ ውስጥ ቫይረሱ በጣም ስለሚበዛ ለልጁ የከፋ ነው። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናት በየቀኑ መድኃኒቷን ወስዳ በደሟ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ፣ ልጁም እንደተወለደ መከላከያ ሽሮፑን ከጀመረ፣ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፤ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ውጤትሽ ቢለወጥ እንኳ መውጫ አለው፤ ስለዚህ ምርመራውን አትፍሪው።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ወደ ሁለት ወር አካባቢ አር ፒ አር የሚባለውን የደም ምርመራ ይደግሙልሻል። ቁጥሩ መጀመሪያ 1 ለ 16 ከነበረና አራት እጥፍ ወርዶ 1 ለ 4 ከደረሰ ሕክምናው ይዟል። ከመውለድሽ በፊት እዚያ ባይደርስም አትደንግጪ፤ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። መጨመሩ ነው የሚያሳስበን። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ግን ከዳንሽም በኋላ ዕድሜ ልክ አለ ሊል ስለሚችል በእሱ አትረበሺ።

የምትወልጂው ጤና ተቋም ውስጥ ይሁን። ከልጁና ከአንቺ በአንድ ቀን አር ፒ አር ይወሰድ። ያንቺ መከላከያ ወደ ልጁ ስለሚያልፍ አለ ቢባል ብቻውን ተይዟል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ካንቺ አራት እጥፍ ከሆነ ወይም ልጁ ላይ ምልክት ከታየ ለ10 ቀን ፔኒሲሊን ይሰጠዋል። የተያዘ ልጅ ሲወለድ ምንም ላይታይበት ይችላል። በኋላ አፍንጫው ያለማቋረጥ ቢፈስ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ሽፍ ቢል፣ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ወይም አንድ እጁን አላንቀሳቅስ ቢል ይዘሽው ነይ። ጡትሽ ላይ ቁስል እስከሌለ ድረስ አጥቢው፤ ቂጥኝ በወተት አይተላለፍም።