«ያራዝሙልኝ» ወይስ «ይራዘምልኝ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምማር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ስለታመምኩ የመመረቂያ ጽሑፌን 3ኛ ምዕራፍ በቀኑ የማስረክብ አይመስለኝም። ለአማካሪዬ በኢሜይል «እባክዎ ቀኑን ያራዝሙልኝ» ብዬ ልልክ ስል ጓደኛዬ «ትእዛዝ ይመስላል፤ ‹ይራዘምልኝ ዘንድ› በል» አለኝ። የትኛው ነው የሚሻለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ችግሩን በትክክል አይተዋል፤ መፍትሔው ግን ሌላ ይመስለኛል። «ያራዝሙልኝ» በሰዋስው በኩል ጉድለት የለበትም። በመንዝም ሆነ በቡልጋ እንግዳ ሲመጣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይቅመሱ» እንደሚባለው ያለ የአክብሮት ትእዛዝ ነው። ልዩነቱ ያለው ጥቅሙ ለማን እንደሆነ ላይ ነው። «ይቀመጡ» ሲባል የሚያርፈው እንግዳው ስለሆነ ትእዛዙ ራሱ ደግነት ይሆናል፤ «ያራዝሙልኝ» ሲባል ግን ጥቅሙ የተናጋሪው፣ ድካሙ የአድማጩ ስለሆነ ያው የግሥ መልክ መጫን ይመስላል። «እባክዎ» ያለዝበዋል እንጂ ትእዛዝነቱን አያስቀረውም።

«ይራዘምልኝ ዘንድ» ደግሞ አድራጊውን ይደብቃል። ይህ ለትምህርት ክፍሉ ወይም ለሬጅስትራር በሚጻፍ ማመልከቻ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የሚወስነው መሥሪያ ቤት ነው። አማካሪዎ ግን ቀኑን ራሳቸው የሰጡ፣ ራሳቸው ሊለውጡ የሚችሉ ሰው ስለሆኑ፣ በስማቸው ሰላም ብለው ከጀመሩ በኋላ እንደሌሉ አድርጎ መጻፍ ያርቃቸዋል። «ዘንድ»ም የአቤቱታ ጠረን አለው። እኔ የምመርጠው «እንዲያራዝሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ዋናው ግሥ «እጠይቃለሁ» ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ የእርስዎ ልመና ይሆናል፤ የማራዘሙ ሥልጣን ግን ከእሳቸው ጋር ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው «ል» እና «ብ» የተባሉትን ሁለት ፊደላት ነው። አማርኛ ለሰው የሚበጀውን በ«ል»፣ በሰው ላይ የሚደርሰውን በ«ብ» ከግሡ ጋር አጣብቆ ይናገራል። ሕመም «ያድርብኛል»፣ ቀን «ያልፍብኛል»፣ ጊዜ «ይራዘምልኛል»፤ «ጤና ይስጥልኝ» የምንለውም በዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላ የ«ብ» ቦታ ነው፤ መዘግየቱ በአማካሪው ላይ የሚያመጣውን ጫና የሚያሳየው «ስለዘገየሁብዎ» የሚለው ቃል። «ስለዘገየሁ ይቅርታ» ያለ ሰው ጥፋቱን ብቻ ያምናል፤ «ስለዘገየሁብዎ» ያለ ግን የእሳቸውም ሥራ እንደተስተጓጎለ ማወቁን ይናገራል።

ስለ ሕመሙ «አሞኝ ነበር» አይበሉ፤ ድኛለሁ ማለት ይሆናልና ጊዜ የሚጠይቁበትን ምክንያት ያፈርሳል። በጽሑፍ የተለመደው «ባደረብኝ ሕመም ምክንያት» ነው። የሕመሙን ዓይነት በአንድ ቃል መጥቀስ ይበቃል፤ የሌሊቱን ሳልና ላብ መዘርዘር ለቤተሰብ ነው።

ለምሳሌ ቀኑ ዓርብ ግንቦት 1 ከሆነና ሐኪም ከሚያዝያ 24 ጀምሮ የ10 ቀን ዕረፍት ሰጥቶዎት ከሆነ፣ ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የተከበሩ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረብኝ የሳንባ ምች ምክንያት ሐኪም የ10 ቀን ዕረፍት ስላዘዘልኝ፣ ግንቦት 1 ቀን ላቀርብልዎ የነበረውን 3ኛ ምዕራፍ በዕለቱ ማድረስ አልችልም። የመረጃ አሰባሰቡ ክፍል ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የናሙና አመራረጡ ነው። ስለዚህ የማስረከቢያውን ቀን እስከ ሰኞ ግንቦት 11 ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እንዲያራዝሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሐኪም ማስረጃው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስለዘገየሁብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የተጠየቀው ጊዜ በሕመም ከጠፋው ከ10 ቀን አይበልጥም፤ አማካሪው አስበው የሚደርሱበት ቁጥር ከጠያቂው ቁጥር ጋር ሲገጥም ጥያቄው ክርክር አያስነሣም። «ጥቂት ቀን ቢጨምሩልኝ» ብሎ መተው ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑን የመቁረጥ ድካም ለእሳቸው ያስተላልፋል። ሰዓቱም የተጻፈው «እስከ ግንቦት 11» ብቻ ሲባል 11ኛው ቀን ይቆጠር አይቆጠር ስለሚያሻማ ነው።

በርእስ መስመሩ ላይ «የ3ኛ ምዕራፍ ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ» ብለው ይጻፉ። ርእስ ማንንም ለይቶ ስለማያናግር እዚህ «ይራዘምልኝ» ቦታው ነው፤ ጓደኛዎም በዚህ በኩል ልክ ናቸው። ከመላክዎ በፊት «እርሶ» እና «መልሶን» ብለው ጽፈው እንደሆነ ይመልከቱ። ስንናገር እንዲያ ይሰማል፤ ሲጻፍ ግን «እርስዎ»፣ «መልስዎን» ነው። «መልሶ» የሚለው «መለሰ» ከሚለው ግሥ የሚወጣ ሌላ ቃል ስለሆነ አንባቢን ያደናግራል።