ገደቡን ከማሳደጋችሁ በፊት የሚጮኸው ማን እንደሆነ እዩ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ በባንክም ሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት የሲየም ስክሪን ፊት ቁጭ ብላችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች ነው። ሲየም ከየሰርቨሩ የሚመጣውን ሎግ አንድ ቦታ ይሰበስብና በጻፍንለት ሩል መሠረት አለርት ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለርቱ ይበዛባችኋል። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ "ገደቡን ከፍ አድርጉት፣ ይቀንሳል" ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን አትቸኩሉ እላችኋለሁ። ለምን እንደሆነ በአንድ ሩል ላሳያችሁ።

በብዛት የማገኘው ሩል እንዲህ ይላል፦ አንድ አካውንት በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 ጊዜ መግባት ካቃተው አለርት አውጣ። ዊንዶውስ ያልተሳካ ሙከራን በ4625 ቁጥር ይመዘግባል፣ ሩሉም የሚቆጥረው እሱን ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። አለርቶቹን ከፍታችሁ ስታዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያንኳኳው ሰው አይደለም። ፓስወርዱ ተቀይሮ ሳለ አንድ ሰርቨር ላይ የተረሳ ሰርቪስ አካውንት አሮጌውን ይዞ ሌት ተቀን ይሞክራል።

ገደቡን ከ10 ወደ 30 ብታሳድጉት ያ ሰርቪስ አሁንም ያልፈዋል። ከአለርቱ የሚጠፋው ጥቂት ጊዜ የሞከረው ሰው ነው። ጠንቃቃ አጥቂ ደግሞ ሁሌም ጥቂት ጊዜ ነው የሚሞክረው። ስለዚህ ገደብ ስታሳድጉ መጀመሪያ የምታጡት የምትፈልጉትን ነው። የሰርቪሱ መድኃኒት ሩሉን መነካካት ሳይሆን ፓስወርዱን እንዲያስተካክል ለሲስተም አስተዳዳሪው መደወል ነው።

አሁን አጥቂውን እንመልከት። 400 ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት አለ እንበል። አጥቂው የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አግኝቷል። በአንድ አካውንት ላይ ብዙ ፓስወርድ ቢሞክር አካውንቱ እንደሚቆለፍ ያውቃል። ስለዚህ ይገለብጠዋል። አንድ ፓስወርድ፣ ለምሳሌ `Hawassa@2018`፣ ይመርጥና 400ውም ላይ አንድ አንድ ጊዜ ይሞክራል። ከተማና ዓመተ ምሕረት አገጣጥሞ ፓስወርድ የሚያደርግ ሠራተኛ እንደማይጠፋ ያውቃል። ካልሆነ አንድ ሰዓት ጠብቆ ሌላ ይሞክራል። ይህ ፓስወርድ ስፕሬይ ይባላል፤ የአጥቂዎችን ዘዴዎች በሚዘረዝረው ማይተር አታክ ላይ `T1110.003` ነው። እያንዳንዱ አካውንት በሰዓት የሚያየው አንድ ስህተት ብቻ ስለሆነ የ10 ጊዜው ሩል ዓመቱን ሙሉ አይነቃም።

እዚህ ላይ መቀየር ያለበት ገደቡ ሳይሆን የሚቆጠረው ነገር ነው። አንድ አካውንት ስንት ጊዜ ተሳሳተ ብላችሁ መጠየቁን ተዉና ከአንድ የአይፒ አድራሻ ስንት የተለያየ አካውንት ተሳሳተ ብላችሁ ጠይቁ። በማይክሮሶፍቱ ሲየም በሴንቲኔል ቢሆን እንዲህ ይጻፋል፦

```
SecurityEvent
| where EventID == 4625
| where SubStatus in~ ("0xc000006a", "0xc0000064")
| summarize users = dcount(TargetUserName)
    by IpAddress, bin(TimeGenerated, 30m)
| where users >= 15
```

የመጀመሪያው ኮድ "ፓስወርዱ ስህተት ነው"፣ ሁለተኛው "እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም" ማለት ነው። ሁለተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ሠራተኛ የራሱን ስም አንዳንዴ ይሳሳታል። ከአንድ ኮምፒውተር 15 የሌሉ ስሞች የሚጽፍ ሠራተኛ ግን አላየሁም። የተረሳው ሰርቪስም ቢሆን ሺህ ጊዜ ቢያንኳኳ የሚቆጠረው እንደ አንድ አካውንት ነው። ጩኸቱ ምንም ሳንደብቅ ወረደ ማለት ነው።

15ን ግን ከእኔ አትቅዱ። የ30 ቀን ሎግ ወደኋላ ሄዳችሁ ሩሉን ያለ መጨረሻው መስመር አሂዱና እያንዳንዱ አድራሻ በግማሽ ሰዓት ስንት አካውንት እንደሚያሳይ እዩ። አብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ነው። ጥቂት አድራሻዎች ግን ከፍ ብለው ይወጣሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ሆኖ የሐዋሳ ቅርንጫፍ ሠራተኞች በሙሉ በአንድ አድራሻ የሚታዩበት አሠራር አለ። ቪፒኤንም እንደዚያው ነው። የፍቼ ጫምባላላ በዓል አልፎ ሰው ወደ ሥራ ሲመለስ ፓስወርዱን የረሳው ብዙ ነው፣ ሁሉም ከዚያው አድራሻ ይሳሳታል። ጠዋት 2:30 ላይ የሚነሳው ይህ ጫጫታ ሲየሙ በዩቲሲ የሚያሳይ ከሆነ 05:30 ብሎ ይመጣል። ይህን ሳያውቅ "ሌሊት ነው የተደረገው" ብሎ የደነገጠ ልጅ አይቻለሁ።

እነዚህን የጋራ አድራሻዎች ከሩሉ አታውጧቸው። የራሳቸውን ከፍ ያለ ገደብ ስጧቸው። አውጥታችሁ ከጣላችኋቸው አጥቂው ቅርንጫፉ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ በያዘ ቀን ታውራላችሁ።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለ። አጥቂው ቀስ ብሎ በግማሽ ሰዓት 8 አካውንት ብቻ ቢሞክርስ? ገደቡን ወደ 5 ብናወርደው የውሸት አለርት ያጥለቀልቀናል። አንድን አለርት በደንብ ለመመርመር 20 ደቂቃ ቢፈጅ በ8 ሰዓት ፈረቃ የሚታየው ቢበዛ 24 ነው። ስለዚህ ሁለት ሩል እንጽፋለን። ዝቅተኛው ሩል የ24 ሰዓቱን ደምሮ ማንንም ሳይቀሰቅስ በጸጥታ ይመዘግባል። ከዚያው አድራሻ በኋላ የተሳካ መግባት፣ ማለትም 4624፣ ሲመጣ ብቻ ከፍተኛ አለርት ይሆናል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ስህተቶቹንና የተሳካውን መግባት በአካውንት ስም አታያይዟቸው። ፓስወርዱ የተገኘበት አካውንት በመጀመሪያው ሙከራ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላይ አንድም ስህተት አልተመዘገበም። "ተሳስቶ ተሳስቶ የገባውን" ብላችሁ ከፈለጋችሁ በትክክል የተጠቃውን ሰው ታልፉታላችሁ። የምታያይዙት በአድራሻ ነው። በጋራ አድራሻ ላይ ግን ሠራተኛው ሁሉ ስለሚገባ ይህ ብቻውን አይበቃም። እዚያ የምትፈልጉት ከዚያ አድራሻ ቀድሞ ገብቶ የማያውቅ አካውንት ነው።

ያመለጣችሁን ነገር ሲየሙ አይነግራችሁም፣ መሞከር አለባችሁ። ከአለቆቻችሁ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፣ 20 የሙከራ አካውንት አስከፍቱ፣ ራሳችሁ ስፕሬይ አድርጉ። አጥቂው የዊንዶውስ ኔትዎርክ ማንነት በሚያረጋግጥበት በከርበሮስ በኩል ከሞከረ ስህተቱ 4625 ሆኖ አይመዘገብም። አካውንቶቹን በሚያስተዳድረው ሰርቨር፣ በዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ 4771 ሆኖ፣ በ`0x18` ኮድ ነው የሚወጣው። ያ ሎግ ካልተሰበሰበ ሩላችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ዝም ይላል። ሲሰበሰብም አድራሻው `::ffff:10.1.1.5` በሚመስል መልክ ስለሚመጣ፣ ካላጸዳችሁት አንዱን ምንጭ ሁለት አድርጋችሁ ትቆጥራላችሁ።

በመጨረሻ ከሩሉ ማውጣት የግድ የሚሆንባችሁ ነገር ይኖራል፤ የራሳችሁ የደህንነት ስካነር አንዱ ነው። ስታወጡ አድራሻውንና የሚጠቀምበትን አካውንት አንድ ላይ ጻፉ። አድራሻውን ብቻ ከጻፋችሁ ስካነሩን የያዘ አጥቂ የፈለገውን ያደርጋል። ከጎኑ ማን እንደጠየቀ፣ ለምን እንደሆነና የሚያበቃበትን ቀን አስፍሩ። ቀኑ ሲደርስ ምክንያቱ አሁንም ካለ አድሱት፣ ከሌለ ሰርዙት። ከዚያ የ20ውን አካውንት ሙከራ እንደገና አሂዱ።