ያልሞላው ወር ትንበያሽን ወደ ታች እየጎተተው ነው

«ሜክሲኮ አካባቢ ላለ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ የፌስቡክ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ሊዳችን፣ ማለትም ማስታወቂያውን አይቶ የሚጠይቀን ሰው ብዛት፣ 120፣ 132፣ 141፣ 155፣ 163 ነበር። ወጪው ደግሞ 240፣ 270፣ 300፣ 340፣ 375 ዶላር። ዛሬ ጁን 9 ነው፤ እስካሁን 52 ሊድ ገብቷል። ለጁላይ ኤክሴል ላይ በFORECAST ስሠራው ግን 104 አለኝ። ለአለቃዬ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ፎርሙላው አልተሳሳተም። ያበላሸችብሽ 52 ናት። የዘጠኝ ቀን ቁጥር ከሙሉ ወር እኩል ሲሰለፍ ኤክሴል ሥራው ድንገት የወደቀ ይመስለዋል። የጁንን ረድፍ ከስሌቱ አውጪው። A ላይ የወሩ ተራ ቁጥር፣ B ላይ ወጪ፣ C ላይ ሊድ ካለ እንዲህ ጻፊ፦

```
=FORECAST(7,C2:C6,A2:A6)
=FORECAST(7,B2:B6,A2:A6)
```

የመጀመሪያው ወደ 186 ሊድ፣ ሁለተኛው 441 ዶላር ይሰጥሻል።

52ን ግን አትጣያት፤ ለማመሳከሪያ ትሆናለች። ለ9 ከፍለሽ በ30 ስታበዣት 173 ትሆናለች። ፎርሙላው ውስጥ 7ን በ6 ብትተኪው መስመሩ ለጁን 175 ይላል። ስለተቀራረቡ ለጊዜው መስመሩን እመኚው። በ173 ፋንታ 120 ወይም 130 ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ ምን እንደተቀየረ እዪ እልሽ ነበር።

አሁን አለቃሽ ጋ ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በይ። ሊዱ የጨመረው ወጪው ስለጨመረ ነው። ወጪውን ለሊዱ አካፍይው፦ ጃንዋሪ ላይ አንድ ሊድ 2 ዶላር ነበር፣ ሜይ ላይ 2.30 ደርሷል። በትንበያው ጁላይ ላይ 2.37 ይሆናል። ስለዚህ «186 ይመጣል» ብለሽ ብቻ አትውጪ። «441 ዶላር ከተፈቀደልኝ» የሚለውን ጨምሪበት። «ከ350 አልፍም» ካለሽ 350ን ለ2.37 አካፍይ፤ 148 ነው። ኤፕሪል ላይ በ340 ዶላር 155 ስላገኘሽ «ከ148 እስከ 155» ብትይው አያሳፍርሽም።

ስሌቱን በዶላር ሠርተሽ ወደ ብር መጨረሻ ላይ መንዝሪው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአጭር ጊዜ በጣም ተወደደ። በብር የተሠራ ሠንጠረዥ ያንን የማስታወቂያ ወጪ ዕድገት አድርጎ ነው የሚያነበው።

ደግሞ ቀጥታ መስመር ክረምት መግባቱን አያውቅም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት ኮርስ ጠያቂ ሊበዛ ይችላል፤ አምስቱ ወሮችሽ ውስጥ ግን ክረምት የለም። የአምናውን የምዝገባ መዝገብ ጠይቂ። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል መዝገቡን በወር ስም ሳይሆን በቀን አመሳክሪው። አምና ጁላይ ከጁን በአንድ አምስተኛ በልጦ ከነበረ የጁኑን 175 በ1.2 አባዢው፤ 210 ይሆናል። ያኔ ለአለቃሽ 186ንም 210ንም አሳዪው፤ ሁለተኛው በአንድ ዓመት መዝገብ ላይ ብቻ የቆመ መሆኑንም ንገሪው።