«ቀስ ያለ» እና «ፈጣን» ፍሰት፦ ቃሉ ሲያሳስት

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ፈሳሾች ሳስተምር ‹ላሚናር›ን ‹ቀስ ያለ ፍሰት›፣ ‹ተርቡለንት›ን ‹ፈጣን ፍሰት› እላለሁ። አንድ ተማሪዬ ‹እንዲያ ከሆነ የበረሳ ወንዝ በበጋ ቀስ ብሎ ስለሚፈስ ላሚናር ነው?› ብሎ ጠየቀኝ፤ አይደለም አልኩት እንጂ ምክንያቱን በአማርኛ ማስረዳት አቃተኝ። ባልደረባዬ ደግሞ ‹የጠራ› እና ‹የደፈረሰ› በል ይለኛል። ትክክለኛው የቱ ነው?»

መልስ፦ ተማሪዎ ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠውን ቃል አምኖ ቃሉ ወደሚመራው ሄዷል። የባልደረባዎም ሐሳብ ከዚህ አያወጣዎትም። እኔ የምመርጠው «ተነባባሪ ፍሰት» እና «ተናዋጭ ፍሰት» ነው። የምመርጥበትን ምክንያት ግን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከቧንቧ ብጀምር ይቀለኛል።

አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግና ሰዓት ይያዙ። ጫፉ ላይ ወንፊት የሌለው፣ የአፉ ስፋት አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ ይፈልጉ። መክፈቻውን በጣም በጥቂቱ ከፍተው ጆጉ በ100 ሰከንድ እንዲሞላ ያድርጉ። የሚወርደው ውኃ የመስታወት ዘንግ ይመስላል፤ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፣ በስተጀርባው ያስቀመጡት ጣት ይታያል። አሁን ጆጉ በ10 ሰከንድ እስኪሞላ ድረስ ይክፈቱት። ዘንጉ ይሻክራል፣ ይነጣል፣ ጣትዎም ይሰወራል። ሁለቱ ፍሰቶች በዓይን የሚለዩት እንዲህ ነው።

በቧንቧው ውስጥ የሆነውን ለማየት ግን ቀለም ያስፈልጋል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በማንችስተር ያደረገውና በ1883 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ ይኸው ነው። በመስታወት ቱቦ በሚሄድ ውኃ መካከል ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውኃው በዝግታ ሲሄድ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ተዘረጋ። ፍጥነቱን ሲጨምር ግን አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተጠማዘዘ፣ ከዚያም ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። በመጀመሪያው ሁኔታ ውኃው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በቀጫጭን ንብርብሮች ተከፍሎ፣ አንዱ ንብር በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነበር የሚሄደው። ግድግዳውን የነካው ንብር ቆሞ ይቀራል፤ መካከሉ ላይ ያለው ከጠቅላላው አማካይ ፍጥነት እጥፍ ይሄዳል፤ ጎረቤታሞች ግን አይደባለቁም። በሁለተኛው ሁኔታ ንብሮቹ ፈርሰው ውኃው ወደ ጎንም ወደ ኋላም በሚዞሩ ትልልቅና ትንንሽ አዙሪቶች ተሞልቷል።

ስለዚህ ልዩነቱ የመደባለቅ ልዩነት ነው። ፍጥነት ወደ መደባለቅ ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው፤ «ቀስ ያለ» እና «ፈጣን» ስንል ከምክንያቶቹ አንዱን አንሥተን የነገሩ ስም አደረግነው። የተማሪዎ ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነው።

ሬይኖልድስ ያገኘው መለኪያ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል። ፍጥነቱን በቧንቧው ስፋት ያባዙና ለፈሳሹ ዝልግልግነት ያካፍሉታል። (በትክክል ለመናገር ዝልግልግነቱ ለእፍግታው ከተካፈለ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነ ውኃ በሴንቲ ሜትርና በሰከንድ ሲሰላ 0.013 ይሆናል።) ውጤቱ ከ2,000 በታች ሲሆን በቧንቧ ያለ ፍሰት ይነባበራል፤ ከዚያ በላይ ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ ይናወጣል። ጆጉ በ100 ሰከንድ ሲሞላ ውኃው በቧንቧው ውስጥ በሰከንድ 5.7 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በ1.5 ተባዝቶ ለ0.013 ሲካፈል 650 ገደማ ይመጣል። በ10 ሰከንድ ሲሞላ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 6,500 ይሆናል።

አሁን ይህንኑ ቧንቧ ይዘን ወደ ሸዋ ሮቢት እንውረድ። ጆጉ በሁለቱም ከተማ በ40 ሰከንድ ይሙላ፤ ፍጥነቱም ስፋቱም አንድ ነው። የደብረ ብርሃን የማለዳ ውኃ 10 ዲግሪ ነው ብንል ቁጥሩ 1,600 ገደማ ይሆናል፤ ውኃው ይነባበራል። በቆላው ውኃው 25 ዲግሪ ቢሆን ዝልግልግነቱ ይቀንስና ቁጥሩ ወደ 2,400 ይወጣል፤ ንብሮቹ የመፍረስ አደጋ ላይ ናቸው። አንዱን «ቀስ ያለ»፣ ሌላውን «ፈጣን» ልንለው አንችልም፤ ሁለቱም የሚሄዱት በእኩል ፍጥነት ነው። ይህን ለክፍልዎ ቢያሰሉላቸው ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ቃሉን ያጠራላቸዋል።

በረሳም የሚመለሰው በዚሁ ሒሳብ ነው። በበጋ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል እንበል፤ እረኛ ከጎኑ እየሄደ ጥሎት ያልፋል። ለወንዝ ጥልቀቱን በስፋቱ ቦታ ስንተካ ከ38,000 በላይ እናገኛለን። በረሳ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ይናወጣል። ላዩ ላይ ቅጠል ቢጥሉበት ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እየዞረና እየዋለለ ይሄዳል። በተቃራኒው ማር ከእንስራ ቢዘነበል፣ የተልባ ጭማቂም ከጣሳ ወደ ጣሳ ቢገለበጥ፣ የቱንም ያህል ቢያጣድፉት ንብሮቹ በቀላሉ አይፈርሱም። «ዝልግልግ» የሚለውን ቃል አማርኛ ያገኘው ከተልባ ማዕድ ይመስለኛል፤ ለፊዚክስም የሚስማማ ቃል ነው።

ቁጥሩ እንደ ድንበር ድንጋይ የተተከለ አለመሆኑንም ይንገሯቸው። ሬይኖልድስ ውኃውን ለረጅም ጊዜ አሳርፎ፣ የቱቦውን አፍ እንደ መለከት አስፍቶ ሲያስገባው ክሩ ከ10,000 በላይ እስኪደርስ ሳይበጠስ ቆይቷል። ቧንቧዎ ውስጥ ዝገት ወይም ያረጀ ጎማ ካለ ደግሞ ውኃው ገና በትንሽ ቁጥር ሻክሮ ይወጣል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የመስታወቱ ዘንግ ወደ ታች ሲረዝም ቀጥኖ ወደ ጠብታ ይበጣጠሳል። ተማሪዎች ይህን መናወጥ ነው ይላሉ፤ አይደለም። ጠብታውን የሚሠራው የውኃው ገጽታ ራሱን የመሰብሰብ ኃይል ነው፤ ከአዙሪት ጋር ግንኙነት የለውም።

አሁን ደግሞ ከውኃው ወደ ጢስ ልለፍ። በቡና ሰዓት መስኮትና በር ዘግተው አንድ ሰንደል ያቃጥሉ። ከጎኑ ማንም አይለፍ፣ ማንም አይተንፍስበት። ጢሱ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ይወላውላል፤ ከዚያ ይትጎለጎላል። «ተትጎለጎለ» የሚለው ግሥ ድግግሞሹ ብቻ ሳይሆን ድምፁም መጠቅለልና መፈታትን ያሳያል፤ የጢሱ ዳርቻ ላይ የሚታየውም የሚጠቀለል አዙሪት ነው። በአማርኛ ለዚህ ክስተት ከዚህ የተሻለ ግሥ አላውቅም።

ቧንቧው ያላሳየን ነገር እዚህ አለ። ቧንቧውን ለማናወጥ መክፈቻውን ማዞር ነበረብን፤ ጢሱን ማንም አልነካውም፣ ነገር ግን በራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ፍሙ ያሞቀው አየር ከአካባቢው ስለሚቀልል ሽቅብ እየተገፋ ፍጥነት ይጨምራል፤ ከጎኑ ያለውን ቀዝቃዛ አየር እየሳበም ይሰፋል። በመለኪያው ላይ ያሉት ፍጥነትና ስፋት ከፍታ ሲጨምር አብረው ያድጋሉ። ከታች ትንሽ መንቀጥቀጥ ቢደርስበት ዝልግልግነቱ ያረግበዋል፤ ከላይ ያው መንቀጥቀጥ እየጎለበተ ይሄዳል። ጢሱ እዚህ የሬይኖልድስ ቀለም ነው፦ የሚፈሰው አየሩ ነው፣ ጢሱ መንገዱን ብቻ ያሳየናል። ክሩ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ግን ቀጥ እንዳለ ከሆነ ነፋስ ገብቶበታል እንጂ አልተናወጠም።

አሁን ቃላቱ። «ላሚናር» የመጣው ስስ ጠፍጣፋ ነገር ማለት ከሆነ የላቲን ቃል ነው፤ «ተርቡለንት» ደግሞ የተተራመሰ ሕዝብን፣ ሁከትን ከሚያመለክት። ሁለቱም ቃላት በፊዚክስ ሊቁ በዊልያም ቶምሰን የ1887 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ርዕስ ላይ ተጣምረው ይገኛሉ። ሬይኖልድስ ራሱ ከአራት ዓመት በፊት የጻፈው «ቀጥተኛ» እና «ጠመዝማዛ» ብሎ ነበር። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገሩን ያገኘው ሰው እንኳ ቃሉን ወዲያው አላገኘም፣ እኛም ብንፈልግ ነውር የለበትም።

«ተነባበረ» ለላሚናር የተሰፋ ያህል ይስማማል። አነባበሮ የበላ ልጅ ንብር በንብር ላይ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለሁለተኛው «ሁከተኛ» እና «ነውጠኛ» ሲባሉ ሰምቻለሁ። ሥረ ቃላቸው ትክክል ነው፣ መድረሻቸው ግን የሰው ጠባይ ነው፤ ነውጠኛ ስንል አመሉ የሆነ ሰው እናስባለን። ያው ውኃ ግን መክፈቻው በዞረ ቅጽበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል፣ አመል የለውም። «ተናወጠ» ደግሞ ከድሮም የውኃ ግሥ ነው፤ ባሕር ይናወጣል፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመጠመቂያይቱ ታሪክም ውኃው ይናወጣል። ከእሱ «ተናዋጭ» ስንል ከ«ተነባባሪ» ጋር በአንድ ቅርጽ ይገጥማል፤ ተማሪ ጥንድነታቸውን በጆሮው ይይዛል። ግሡም ከስሙ ጋር ይሄዳል፦ «ውኃው ተነባብሮ ይፈሳል»፣ «ውኃው እየተናወጠ ይፈሳል»።

«የጠራ» እና «የደፈረሰ» ስለ ጭቃ የሚናገሩ ናቸው። ድፍርስ ውኃ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ተነባብሮ ሊሄድ ይችላል፤ የበጋው በረሳም ጠርቶ እያለ ይናወጣል። ባልደረባዎን ያሳሳተው በክረምት ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ይመስለኛል፦ ጎርፉ የሚያመጣውን አፈር እንዳይዘቅጥ ወደ ላይ እያነሣ የሚይዘው የውኃው መናወጥ ነው። ነገ ክፍል ሲገቡ ሰንደሉን ይዘው ይግቡና ተማሪዎ ራሱ በማስመሪያ ይለካ፦ ስንት ሴንቲ ሜትር ተነባብሮ ወጣ፣ ከስንተኛው ጀምሮ ተትጎለጎለ?