መልስ፦ የትእዛዝ ዝርዝር በሞንጎዲቢ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ «ደንበኞች፣ ምርቶችና ትእዛዞች አሉኝ። ሁሉንም በአንድ ዶክመንት ላስቀምጥ ወይስ በመለያ ላገናኛቸው?»

የተገዙትን ዕቃዎች ዝርዝር በትእዛዙ ዶክመንት ውስጥ ያስገቡት፤ ደንበኛውንና ምርቱን ግን በየራሳቸው ኮሌክሽን አስቀምጠው በመለያቸው ይጥቀሷቸው። ዝርዝሩ ሁልጊዜ ከትእዛዙ ጋር ይነበባል፤ በአንድ ዶክመንት ላይ የሚደረግ ለውጥም ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል ወይ ጨርሶ አይፈጸምም፤ ስለዚህ በከፊል የተመዘገበ ትእዛዝ አይኖርም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዋጋው ላይ ነው። ትእዛዙ የምርቱን መለያ ብቻ ከያዘ፣ ዋጋው ከ450 ወደ 500 በተለወጠ ዕለት የአምናው ትእዛዝ ድምርም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ስሙንና ዋጋውን በግዢው ጊዜ እንደነበሩ ይገልብጧቸው፦

```
{ customerId: 17,
  items: [
    { productId: 82, name: "ቦርሳ",
      price: 450, qty: 2 }
  ] }
```

ይህን ድግግሞሽ አይፍሩት፤ ያለፈ ግብይት መዝገብ ሊለወጥ አይገባውምና። የመላኪያ አድራሻውም እንዲሁ ቢገለበጥ እመርጣለሁ።

ትእዛዞቹን ግን በደንበኛው ዶክመንት ውስጥ አያከማቹ፤ ዝርዝሩ ያለ ገደብ ያድጋል፣ አንድ ዶክመንት ደግሞ ከ16 ሜጋባይት መብለጥ አይችልም። እዚያ ወሰን ሳይደርስም፣ የደንበኛውን ስም ለማንበብ ብቻ የዓመታት ትእዛዝ አብሮ ስለሚጫን ምላሹ እየዘገየ ሲሄድ ያዩታል። ይልቁንም በትእዛዞች ኮሌክሽን ውስጥ `customerId` ላይ ኢንዴክስ ይፍጠሩ።