የልደት ቀኑ በአንድ ቀን አልገጥም ሲል

«ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬ ሥራ አጣሁ። አሁን የአክስቴ ባል ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ባላቸው ኮምፒውተር ቤት ሰነድ እተረጉማለሁ። ሰሞኑን አንድ እናት የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ይዘው መጡ። አባትየው አሜሪካ ነው፣ ለልጁ ማመልከቻ ሊያስገባ ነው። ወረቀቱ 25/4/2000 ይላል፣ ፓስፖርቱ ደግሞ ጃንዋሪ 3 ቀን 2008። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ኤፕሪል 25 ቀን 2000 ብሎ ተርጉሞት ነበር። እናትየው ‹ከፓስፖርቱ ጋር አስተካክዪልኝ› አሉ። የአክስቴ ባልም ‹ጻፊላቸው፣ ማን ያየዋል› አሉኝ። የልጁ ስምም በቁቤና በፓስፖርቱ ይለያያል። ለመሆኑ ፈቃድ ያስፈልገኛል? እናቴ ይህን ትተሽ የባንክ ፈተና ተፈተኚ ትለኛለች።»

የሚያየው አለ። ትርጉሙ ብቻውን አይሄድም፣ የዋናው ወረቀት ቅጂ አብሮት ይገባል። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ደግሞ አማርኛም ኦሮምኛም የሚያነቡ ሠራተኞች አሉት። ከሥር የሚፈረመው ያንቺ ስም ነው፣ የአክስትሽ ባል አይደሉም።

መጀመሪያ ያንን ኤፕሪል እንጣለው። የቀድሞው ተርጓሚ 4ን አይቶ አራተኛውን የፈረንጅ ወር ጻፈ። እኛ ጋ አራተኛው ወር ታኅሣሥ ነው። ዓመቱንም ሳይነካ አሳለፈው። ስለዚህ ትርጉሙ ልጁን ስምንት ዓመት ገደማ አስረጅቶታል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን «ልጅ» የሚባለው ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ነው። በዚያ ትርጉም ከሄዱ ልጁ 21ን ያለፈው በ2021 ነው ማለት ነው። አባትየው የሚያቀርበው ማመልከቻ በራሱ አባሪ ወረቀት ልጁን ከ«ልጅ»ነት ያስወጣዋል።

ቀጥሎ ትክክለኛውን ቀን እንፈልግ። ብዙ ሰው «ሰባት ደምር» ወይም «ስምንት ደምር» ብሎ ያልፋል። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ነው፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ስምንት ይሆናል። መሻገሪያው ደግሞ ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ በአብዛኛው ከ22 ወደ 23 ሲዞር። ታኅሣሥ 25 ይህን ስላለፈ ዓመቱ 2008 ነው። እዚህ ድረስ ፓስፖርቱ ልክ ነው።

ቀኑ ላይ ግን ጉድ አለ። 2000 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ሆናለች፣ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2000 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፣ 11 አይደለም። አሁን ቁጠሪ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 25 ሦስት ሙሉ ወር 90 ቀን፣ ላዩ ላይ 24፣ በድምሩ 114 ቀን ነው። ከሴፕቴምበር 12 ተነሥተሽ 114 ቀን ስትሄጂ ጃንዋሪ 4 ትደርሻለሽ። ማረጋገጫ ከፈለግሽ ገናን ተመልከቺ። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረው ለዚህ ነው። ከ28 ሦስት ቀን ወደ ኋላ፣ ከጃንዋሪ 7ም ሦስት ቀን ወደ ኋላ፤ ጃንዋሪ 4።

ፓስፖርቱ ላይ ያለው 3 ከዚህ ስሕተት የመጣ ይመስላል። አንድ ሰው ከአራት ዓመት ሦስቱን የሚሠራውን የተለመደ ሠንጠረዥ ተጠቅሟል። ዓመቱ ለአራት እኩል ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነውና ንቂ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። ከየካቲት 22 ጀምሮ ወደ ተለመደው ይመለሳል፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋሉ።

ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ? በቀኑ ቦታ ላይ ወረቀቱ ያለውን፣ 25/4/2000። ከጎኑ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «የአስተርጓሚ ማስታወሻ፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ከጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ጋር ይመሳሰላል» የሚል ታክያለሽ፣ በእንግሊዝኛ። በቃ። ፓስፖርቱን አትጥቀሺ፣ «ስሕተት አለበት» አትበዪ። አንቺ የምትተረጉሚው አንድ ወረቀት ነው፣ ዳኛ አይደለሽም። ማስታወሻው የውጭ አገሩ አንባቢ ብቻውን ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ለመንገር ነው። ማኅተሙንም «ክብ ማኅተም» ብለሽ በዚያው ቅንፍ ታመለክቻለሽ፣ ፊርማውንም እንዲሁ። ማኅተም የሸፈነው ፊደል ካለ «አይነበብም» ትያለሽ እንጂ ከደንበኛው ጠይቀሽ አትሞዪውም።

የአንዱን ቀን ልዩነት የሚፈታው ቤተሰቡ ነው። ፓስፖርቱን ያሳርሙ፣ ወይም አባትየው ልዩነቱ ከዘመን ስሌት መምጣቱን በራሱ ፊርማ አብራርቶ ያያይዝ። አንድ ቀን ተብራርቶ ሲቀርብ የሰው ስሕተት ነው። ተደብቆ ሲገኝ ግን የቀሩትን ወረቀቶች ሁሉ ያስጠረጥራል። እናትየውን ነገ ደውለሽ ይህን ንገሪያቸው፣ ቀኑን የቆጠርሽበትንም ወረቀት ስጪያቸው። ተቆጥተው ሌላ ቤት ይሄዱ ይሆናል። ይሂዱ።

ስሙን በተመለከተ፣ ወረቀቱ በአማርኛ ፊደል ከሆነ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ተከተዪ። በቁቤ ከሆነ ግን ፊደሉ አስቀድሞ የላቲን ነው፣ እንዳለ ገልብጪው። ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፣ ፓስፖርት ላይ ብዙ ጊዜ በ«ሲ ኤች»። በማስታወሻ «ስሙ በቁቤ አጻጻፍ እንደሰፈረ ተወስዷል» በዪ። የአያትን ስም ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ብለሽ አትጥሪው፣ እኛ የለንምና።

ስለ ፈቃድ፦ የአሜሪካው ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የመንግሥት ፈቃድም የውልና ማስረጃ ማኅተምም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሙሉ ትርጉም ነው፣ አሳጥሮ አይሆንም። ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ፣ ሁለቱን ቋንቋ በብቃት እንደምታውቂ የሚገልጽ ቃልም ይፈልጋል፣ ከስምሽ፣ ከፊርማሽ፣ ከአድራሻሽና ከቀኑ ጋር። ካናዳ ሌላ ነው፣ ቤተሰብ የተረጎመውን አይቀበልም፣ ከአገሩ ውጭ ያለ የምስክር ወረቀት የሌለው ተርጓሚም መሐላ ይጨምራል። ደንበኛው የሚሄድበትን አገር ሳትጠይቂ አትጀምሪ።

የአክስትሽን ባል በተመለከተ ላስቀይምሽ ነው። ኮምፒውተሩ የሳቸው ነው፣ ፊርማው ያንቺ። ገጹን በስንት ይከፍሉሻል? መልሱ «ለምሳ ይሰጡኛል» ከሆነ ሥራ አልያዝሽም፣ ስምሽን አከራይተሻል። በገጽ ድርሻሽን ተደራደሪ። «ጻፊላቸው» የሚሉሽን እንደማትጽፊም አብረሽ ንገሪያቸው። ዝምድናው እንዳይበላሽ ብለሽ ብትፈርሚ ነገ ጥያቄ ሲመጣ እሳቸው «ልጅቱ ናት የተረጎመችው» ነው የሚሉት።

የባንኩን ፈተና ተፈተኚ፣ እናትሽን ደስ ይበላቸው። እኔ ግን ፍርድ ቤት በር ላይ ከነበረ ጽሕፈት ቤት የተነሣሁ ሰው ነኝ፣ የባንክ መስኮት ለአንቺ አይታየኝም። ጅማ ውስጥ ቁቤ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ሦስቱንም አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። ሦስቱን ከያዝሽ በራስሽ ስም መሥራት ትችያለሽ፣ ለዚያ ግን እስካሁን የተረጎምሻቸውን ቅጂዎች በሙሉ ከቀናቸው ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጪ። የቀድሞው ልጅ የሠራውንም ካገኘሽ በወር ቦታ ላይ ያለችውን 4 ሁሉ መልሰሽ እዪ።