ቲቱ ላይ የሚያበራ ሁሉ ውሃ ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ቲቱ ላይ የሚያበራ ሁሉ ውሃ ነው አይደል?» ከሥሩ አንድ የወገብ ኤምአርአይ ምስል አያይዟል። ቲቱ ከኤምአርአይ የምስል ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ቲዋን ደግሞ ሌላው። መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩና አሁንም አጠፋሁት። ይህቺን ጥያቄ ያኔ ራሴን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንዲት ሴት በሸክም አትመጣም ነበር።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጎንደር፣ እኔም እንደናንተ ልጅ እያለሁ ነው። ሴትየዋ ከዳባት በኩል ነው የመጣችው። ዕድሜዋ 35 ገደማ ይሆናል። ወገቧን ካመማት 3 ወር አልፏታል፤ እንስራ ተሸክሜ ነው ትላለች። ማዘዣው ላይ «የወገብ ሕመም፣ ዲስክ?» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ሌሊት ያልባት እንደሆነ የጻፈ የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። በእግሯ ገብታ በእግሯ ወጣች።

ያን ቀን ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር። ስቲር የሚባለው ሌላ የምስል ዓይነት ጥቂት ደቂቃ ስለሚበላ «ዝለለው» አልኩት ቴክኒሺያኑን። ሁለት ፊልም ታተመ፤ አንዱ ቲቱ፣ አንዱ ቲዋን። ላይት ቦክሱ ላይ የሰቀልኩት ቲቱውን ብቻ ነው። ሌላው ከፖስታው አልወጣም።

ቲቱ ደግሞ ዓይን ይስባል። በአከርካሪው ቦይ ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ፣ ነርቮቹ በውስጡ እንደ ጥቁር ክር ይወርዳሉ። ታች አንድ ዲስክ ጠቁሯል፤ ውሃው አልቆ ደርቋል ማለት ነው። ከላይ፣ ፊልሙ ጠርዝ አካባቢ፣ የደረቱ 12ኛ አጥንትና የወገቡ 1ኛ አጥንት ነጣ ብለዋል። ሌሎቹም ነጣ ያሉ ስለነበሩ ዝም ብዬ አለፍኩ። «የዲስክ መድረቅ» ብዬ ፈረምኩ።

ከ4 ወር በኋላ በአራት ሰው ሸክም መጣች። እግሮቿ አይታዘዙም። አዲሱ ምስል ላይ ሁለቱ አጥንቶች ተበልተው፣ መግሉ ከፊት ለፊት ባለው ጅማት ሥር ወርዶ፣ ከኋላ ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። አሮጌውን ፖስታ አስፈልጌ ቲዋኑን ሰቀልኩት። ሁለቱ አጥንቶች እዚያው ናቸው፤ ነጣ ባሉት መሃል እንደ ከሰል ጠቁረው። ያኔ የነበረው ላይት ቦክስ አንዱ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚል አምፖል ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

ምን ሆኖ ነው ያመለጠኝ? የአዋቂ ሰው መቅኔ ስብ የበዛበት ነው። ስብ ቲዋን ላይ ይነጣል፣ ውሃ ይጠቁራል። ስለዚህ ጤነኛ አጥንት ቲዋን ላይ ከጎኑ ካለው ዲስክ ነጣ ማለት አለበት። ቲቢው ስቡን ገፍቶ ፈሳሽ ሲተካበት አጥንቱ የዲስኩን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጠቁራል። ቲቱ ላይስ? ውሃ ያበራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አሁን የምንጠቀምበት ፈጣኑ ቲቱ ስብንም አያጠፋውም። በነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ቀለም እንደ መቀባት ነው፤ የታመመውና ጤነኛው አይለዩም። ስቲር የስቡን ሲግናል ያጠፋዋል፤ የሚቀረው ውሃ ብቻውን ያበራል። የዘለልኩት እሱን ነው።

ቲዋን ላይ የጠቆረ ሁሉ ግን ቲቢ አይደለም። የአርጅና ዲስክ ከጎኑ ያለውን አጥንት አንዳንዴ ልክ እንዲሁ ያደርገዋል፤ ቲዋን ላይ ጥቁር፣ ቲቱ ላይ ነጭ። ያኔ ቲቱ ላይ ዲስኩን እዩት። በአርጅና ጊዜ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። በተራ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ግን ያበራል። ቲቢ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዲስኩን ሊምረው ስለሚችል በዲስኩ ብቻ አትፍረዱ። ከአጥንቱ ጎንና ጎን መግል የያዘ ከረጢት ፈልጉ። ደሟ ባነሰ ሴት ወይም በሕፃን ልጅ ላይ ደግሞ መቅኔው በሙሉ ጠቆር ሊል ይችላል። እኔን ሊያስደነግጠኝ የሚገባው ሁለት ጎረቤታሞች ብቻ ተለይተው መጥቆራቸው ነበር።

የዛሬ ልጆች ምስል በስልክ እያያችሁ በጣት ትገፋላችሁ። ይህ አይዋጥልኝም። የልጁን ምስል ያየሁት እኔም በስልኬ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ። ወረፋ በዛ የሚባለውንም ሰበብ አልቀበልም። ያን ቀን ግን ወረፋው በእርግጥ በዝቶ ነበር።

ሴትየዋ በቀዶ ሕክምና መግሉ ወጣላት፤ መድኃኒቱንም እስከ መጨረሻው ወሰደች። በምርኩዝ መራመድ ጀመረች። እንስራ ግን አልተሸከመችም።

ለልጁ በመጨረሻ የመለስኩለት አጭር ነው። «የላክኸው ቲቱ ብቻ ነው። ቲዋኑን ላክልኝ።»